የጓጎለ ክሬቲን፦ እርጥበት ነው፣ ብልሽት ነው ወይስ ማጭበርበር?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ዱባይ ዴራ ውስጥ፣ ስድስት ሆነን በተከራየነው ቤት ነው። ከሁለት ወር በፊት ጂም የማውቀው ልጅ ባለ 300 ግራም ክሬቲን ሞኖሃይድሬት ሁለት ጣሳ በሱቅ ዋጋ ግማሽ ሸጠልኝ። የከፈትኩትን ኩሽና ውስጥ ከምድጃው በላይ ባለው መደርደሪያ ነበር የማስቀምጠው። አሁን ጓጉሎ እንደ ድንጋይ ሆኗል። ስከፍተውም እንደ ዓሣ ያለ ነገር ይሸተኛል። በቀዝቃዛ ውሃ ስበጠብጠው ደግሞ ግማሹ ሥር ይቀራል። ሐሰተኛ ነው ወይስ ሙቀቱ አበላሸው? ያልተከፈተውን ድሬዳዋ ላለው ወንድሜ ልልክለት አስቤ ነበር፤ ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሥር የሚቀረው ዝቃጭ አያስጨንቅህ። እስካሁን ከነገርከኝ ሁሉ ለዱቄቱ የሚመሰክርለት እሱ ብቻ ነው። ክሬቲን ሞኖሃይድሬት በቀላሉ የሚሟሟ ነገር አይደለም። ሙቀቱ 20 ዲግሪ የሆነ አንድ ሊትር ውሃ የሚያሟሟው 14 ግራም ያህል ነው፣ ከፍሪጅ የወጣ 4 ዲግሪ ውሃ ደግሞ 6 ግራም ብቻ። ስለዚህ የቀንህን 5 ግራም በአንድ ብርጭቆ በረዶ የቀረው ውሃ ስትበጠብጥ አንድ ግራም ተኩል ገደማ ይሟሟል፣ ሌላው እንደ ደቃቅ አሸዋ ይዘቅጣል። ብርጭቆውን እያወዛወዝክ ዝቃጩን ጭምር ብትጠጣው አንድም ነገር አልጎደለብህም። ማይክሮናይዝድ ተብሎ የሚሸጠውም ይበልጥ ስለደቀቀ ውሃው ላይ ትንሽ ተንሳፍፎ ይቆያል እንጂ የሚሟሟው መጠን ያው ነው። እኔ የምጠረጥረው በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ድምጥማጡ የሚጠፋውን ዱቄት ነው።

የመጓጎሉን ነገር ለመረዳት ዱባይ ውስጥ በነሐሴ ከኤሲ ቤት ወደ ውጭ ስትወጣ መነጽርህ ላይ የሚሆነውን አስብ። አየሩ በውሃ ተሞልቷል። በእርጥበታማዎቹ ቀናት ከ28 ዲግሪ በታች የቀዘቀዘ ማንኛውም ነገር ላይ ጤዛ ያርፍበታል። የመኝታ ክፍልህ ኤሲ 22 ላይ ከሆነና ጣሳውን ከዚያ አውጥተህ ኤሲ በሌለው ኩሽና ውስጥ ብትከፍተው፣ ያ ጤዛ ጣሳው ውስጥ ዱቄቱ ላይ ያርፋል። ከምድጃ በላይ ስታስቀምጠው ደግሞ ስድስት ሰው በየተራ ሲያበስል የሚወጣውን እንፋሎት ጨምረህለታል። ክሬቲን እንደ ስኳር ዱቄት ወይም እንደ ጨው እርጥበት ሳቢ አይደለም። ይሁን እንጂ እህሎቹ የሚነካኩበት ቦታ ላይ ጥቂት ውሃ ካረፈ ጫፋቸው ይሟሟል፣ ቀን ሲሞቅ ደግሞ ያ ውሃ ይተንና የሟሟው ክሬቲን እንደገና ደርቆ ሁለቱን እህል እንደ ሲሚንቶ ያያይዛል። ይህ በየቀኑ ሲደጋገም ነው በሁለት ወር ድንጋይ የሚሆንብህ። እውነተኛ፣ ንጹሕና ጥሩ ክሬቲንም በዚህ መንገድ ይጓጉላል።

ሙቀቱን በተመለከተ ሰው ከሚፈራው በላይ ይህ ዱቄት ጽኑ ነው። ደረቅ ክሬቲን ሞኖሃይድሬት በ40 ዲግሪ ከሦስት ዓመት በላይ ተቀምጦ ሲመረመር፣ ክሬቲን ሲበላሽ ወደሚሆነው ክሬቲኒን የተለወጠው ከአንድ ሚሊዮን መቶ እጅ እንኳ አልሞላም። በ60 ዲግሪ ከ44 ወር በኋላ የተገኘው 106 ነበር፤ ከመቶ አንድ እጅ መቶኛው ማለት ነው። እንግዲህ ቤትህ ኤሲ ባይኖረውም፣ ዕቃው ከሰዓት በኋላ መኪና ውስጥ ቢረሳም፣ ደረቅ እስከሆነ ድረስ ሙቀት ብቻውን አያበላሸውም። ነገሩ የሚለወጠው ውሃ ውስጥ ሲገባ ነው። የሟሟ ክሬቲን በ25 ዲግሪ ሦስት ቀን ቢቀመጥ፣ ውሃው ትንሽ ኮምጣጣ ከሆነ (ፒኤች 5.5) ከመቶ 4 ያህሉ፣ እንደ ሎሚ ጭማቂ የተደባለቀበት መጠጥ ኮምጣጣ ከሆነ (ፒኤች 3.5) ከመቶ 21 ያህሉ ወደ ክሬቲኒን ይቀየራል። ክሬቲኒን ሰውነትህ ራሱ በየቀኑ የሚያመርተውና በሽንት የሚያስወግደው ስለሆነ መርዝ ሆኖ አይደለም፤ የከፈልክበት ነገር እየተነነብህ ነው እንጂ። ጠዋት በሎሚ በጥብጠህ ሞቃት መኪና ውስጥ ይዘኸው የምትውል ከሆነ ከጓጎለው ጣሳ ይልቅ እሱ ነው የሚያከስርህ።

ወደ ጓሉ እንመለስ። መጓጎሉን ሳይሆን የጓሉን ዓይነት ነው የማየው። አንድ ጓል አውጥተህ በሁለት ጣትህ ጨፍልቀው። እንደ ጠመኔ ተሰባብሮ ነጭ፣ ደረቅ፣ የሚንኮሻኮሽ ዱቄት ከሆነ ክሬቲን እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ በሙቀጫ ቀጥቅጠህ፣ በደረቅ ወንፊት ነፍተህ ልትጠቀምበት ትችላለህ። ጣትህ ላይ እንደ ሊጥ ከተለጠፈ ውስጡ ገና እርጥብ ነው። እንደ ካራሜላ የሚያጣብቅ፣ ወይም ሲሰበር እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ከሆነ ግን ሌላ ዱቄት ገብቶበታል ብለህ ጠርጥር።

ይህን በእጄ ያየሁት አንድ ጊዜ ነው። ላብራቶሪ እያለሁ አንድ ጓደኛዬ ከሰው የገዛውን ጣሳ አመጣልኝ። ጣሳው ራሱ እውነተኛ ነበር፤ ጽሑፉ፣ ክዳኑ፣ ሁሉም ትክክል። ውስጡ ያለው ግን ግድግዳው ላይ ተጣብቆ በቢላ የሚላጥ ቢጫ ቀመስ ነገር ሆኗል። አሥር ግራሙን 200 ሚሊ ሊትር የክፍል ሙቀት ያለው ውሃ ውስጥ ስንጨምረው በአንድ ደቂቃ ጠፋ፣ ሥር የቀረ አንድ እህል አልነበረም። ማልቶዴክስትሪን ነበር፤ ከስታርች የሚሠራ፣ ርካሽ፣ ነጭ፣ እርጥበት የሚጠጣ ዱቄት። የተጠቀሙበት ባዶ ጣሳ ተሰብስቦ ተሞልቶ ኖሯል። ያን ዘዴ ማወቅህ በኋላ ስለ ሁለተኛው ጣሳ ስናወራ ይጠቅምሃል።

አሁን ሽታው። ንጹሕ ክሬቲን ምንም አይሸትም፤ ጣዕሙም ከጥቂት ምሬት በቀር የለም ማለት ይቻላል። ቢሆንም ገና ሽታ አለ ብለህ አትፍረድበት፤ የፕላስቲክ ጣሳ የኩሽናን ሽታ ይይዛል። ምድጃው አጠገብ ዓሣ ሲጠበስ ከርሞ ከሆነ፣ ወይም እንደኛ ቤት ቡና ሲፈላ ዕጣን የሚጨስ ከሆነ፣ የሚሸትህ ጣሳው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሁለት ማንኪያ ዱቄት ንጹሕ የሸክላ ሰሃን ላይ ዘርግተህ፣ ኩሽና ባልሆነ ክፍል ውስጥ፣ ኤሲ እየሠራ ግማሽ ሰዓት ተወው። ከዚያ ዱቄቱን አሽትት፣ ባዶውን ክዳንም ለብቻው አሽትት። ክዳኑ ሸትቶ ዱቄቱ ካልሸተተ ጥፋቱ የኩሽናው ነው። ዱቄቱ ራሱ የዓሣ ወይም የአሞኒያ፣ ማለትም የቆየ ሽንት ቤት ዓይነት ሽታ ካለው ግን ምክሬ አጭር ነው፤ ጣለው። ክሬቲንንና ክሬቲኒንን የሚበሉ ባክቴሪያዎች አሉ፤ ሲበሉትም ከሚተዉት ውስጥ አሞኒያና ሜቲላሚን የሚባሉ ሽታ ያላቸው ነገሮች ይገኛሉ። ባክቴሪያ ደረቅ ዱቄት ላይ አይራባም፤ ስለዚህ ያ ሽታ ካለ የሆነ ቦታ ውሃ ገብቶ ቆይቷል ማለት ነው። እርጥብ ማንኪያ ነክረህ ታውቅ እንደሆነ አስታውስ። ቢጫ ወይም ግራጫ ነጠብጣብ ካየህም ማሽተቱ ራሱ አያስፈልግም።

ሽታው ከሰሃኑ ላይ ከጠፋ፣ ቤትህ የምትሠራት አንዲት ሙከራ አለች። የሚያስፈልግህ ግራም የሚለካ የኩሽና ሚዛን፣ የቡና ማጣሪያ ወረቀት፣ የታሸገ ውሃና ፍሪጅ ነው። ኤሲ ባለበት፣ 25 ዲግሪ ገደማ በሆነ ክፍል ውስጥ ሥራው፤ ውጤቱ በሙቀት ስለሚቀየር ኩሽና ውስጥ አትሞክረው። ከዱቄቱ 10 ግራም መዝን፣ ጓሉን በደንብ አድቅቀህ። 200 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ ጨምረህ ለሁለት ሦስት ደቂቃ አማስል፣ ከዚያ አሥር ደቂቃ አሳርፈው። ውሃው ሦስት ግራም ያህሉን ያሟሟል። ሥር ደግሞ ሰባት ግራም የሚሆን ነጭ ዝቃጭ መቆየት አለበት፣ በላዩ ያለውም ውሃ ጠራ ማለት ይኖርበታል። ወተት መስሎ ከቀረ ስታርች ወይም ሌላ የማይሟሟ ዱቄት አለ ማለት ነው። ለስታርች የቁስል አዮዲን አንድ ጠብታ ጠብ ብታደርግበት ወደ ሰማያዊ ጥቁር ይለወጣል።

ከዚያ አስቀድመህ የመዘንከው ማጣሪያ ወረቀት ላይ አጥልለው፤ ብርጭቆው ሥር የቀረውን በራሱ በተጠለለው ውሃ አለቅልቀህ ጨምረው፣ በአዲስ ውሃ ካለቀለቅከው ሌላ ክሬቲን ታሟሟለህ። ወረቀቱን ኤሲ ክፍል ውስጥ አንድ ቀን ሙሉ አድርቀህ ስትመዝነው ከስድስት እስከ ሰባት ግራም ካገኘህ ጥሩ ነው፤ በእጅ ሥራ ጥቂት መጥፋቱ አይቀርም። ግማሹ ግሉኮስ ወይም ማልቶዴክስትሪን ቢሆን ኖሮ፣ ከአምስቱ ግራም ክሬቲን ሦስቱ ሟሙቶ ወረቀቱ ላይ ሁለት ግራም ብቻ ነበር የምታገኘው። ልዩነቱ በተራ ሚዛን እንኳ የሚታይ ነው። ወደ ክሬቲኒን በብዛት የተለወጠ ዱቄትም እንዲሁ ያንሳል፣ ክሬቲኒን ከክሬቲን ይልቅ ብዙ እጥፍ የሚሟሟ ስለሆነ።

ሁለተኛው ክፍል ለዓይን ያማረ ነው። ሌላ 10 ግራም በ200 ሚሊ ሊትር ውሃ በጥብጥና 300 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ ጨምርበት። ሙቅ ውሃ ክሬቲንን በደንብ ያሟሟል፣ በ60 ዲግሪ በሊትር 45 ግራም ያህል፤ ስለዚህ ሁሉም ጠፍቶ ውሃው ጥርት ማለት አለበት። ከሥር የሚቀር ካለ ጠመኔ፣ ጄሶ ወይም አሸዋ ነው፤ ውሃው ከወፈረ ስታርች ነው። ጥርት ካለ በብርጭቆ ሸፍነህ ከቀዘቀዘ በኋላ ፍሪጅ አሳድረው። ጠዋት ሥሩ ላይ የሚያብረቀርቁ ደቃቅ ክሪስታሎች ተከምረው ታገኛለህ፤ በሙቅ የሟሟው ክሬቲን በ4 ዲግሪ መቆየት ስላልቻለ ሰባት ግራም ያህሉ ተመልሶ ወጥቷል። ስኳር፣ ግሉኮስ፣ ማልቶዴክስትሪንና ጨው በዚህ መጠን ተመልሰው አይወጡም። ይህን ውሃ አትጠጣው፣ ለሙከራ ብቻ ነው።

ሙከራው የማይነግርህንም ልንገርህ። ሁለት ሦስት ከመቶ የሚሆን ጭማሪ፣ የፋብሪካ ቅሪት፣ ከባድ ብረት፣ ወይም በሚሊግራም የገባ የተከለከለ መድኃኒት በውሃና በወረቀት አይያዝም። ክሬቲን የሚሠራው ሳርኮሲኔትና ሲያናሚድ ከሚባሉ ነገሮች ስለሆነ፣ በግዴለሽነት ከተሠራ ዳይሲያንዳያሚድን የመሰለ ቅሪት ይኖረዋል፤ እሱን የሚያሳየው የላብራቶሪ መሣሪያ ብቻ ነው። ውድድር የምትሳተፍ ብትሆን ኖሮ ሙከራውን እንኳ ሳትሠራ ጣለው እልህ ነበር። ለእንደዚህ ዓይነት ሰው የሚሆነው እያንዳንዱ ባች፣ ማለትም በአንድ ዙር የተመረተው ሁሉ፣ ተመርምሮ የሚወጣ፣ ለምሳሌ ኢንፎርምድ ስፖርት የሚል ምልክት ያለው ዕቃ ነው። የባች ቁጥሩን ድረ ገጻቸው ላይ ራስህ ጽፈህ ትፈልገዋለህ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጣሳ። ባርኮዱን በስልክ አንብቤ ወጣልኝ ብለህ አትመነው፤ ባርኮድ ፎቶ ኮፒ የሚደረግ ነገር ነው። የመጀመሪያዎቹ ቁጥሮችም ኩባንያው የተመዘገበበትን አገር እንጂ ዕቃው የተሠራበትን አይናገሩም። ጣሳው ላይ ያለውን ኪውአርም ስትቃኘው አጭበርባሪው ወደሠራው ገጽ ሊወስድህ ይችላል፤ የአምራቹን አድራሻ በእጅህ ጻፈው። እኔ መጀመሪያ የማየው ባች ቁጥሩንና የሚያበቃበትን ቀን ነው። እነዚህ መለያ ወረቀቱ ከታተመ በኋላ ፋብሪካው መስመር ላይ የሚረጩ ወይም በሌዘር የሚጻፉ ናቸው፤ ብዙ ጊዜ ነጥብ ነጥብ ይመስላሉ፣ ትንሽ ይጣመማሉ። ከሌላው ጽሑፍ ጋር በአንድ ቀለም፣ በአንድ ፊደል፣ እንከን የለሽ ሆነው ከታተሙ እጠራጠራለሁ። ተፍቆ እንደገና የተጻፈ ከሆነ ደግሞ በጥፍርህ ስትነካው ይታወቅሃል። ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች በሕጋዊ መንገድ የገባ ዕቃ የዓረብኛ ጽሑፍ ይኖረዋል። በሻንጣ የመጣ ግን ላይኖረው ስለሚችል፣ የዓረብኛው አለመኖር ዕቃው ከመንገድ ውጭ መግባቱን እንጂ ሐሰተኛ መሆኑን አያረጋግጥም።

ዋናው ማኅተሙ ነው። ክዳኑን ስትከፍት ከንፈሩ ላይ ያለው የአሉሚኒየም ሽፋን በማሽን ሙቀት ነው የሚጣበቀው። ጠፍጣፋ ሆኖ ዙሪያውን እኩል መያዝ አለበት፤ ሲላጥም ከንፈሩ ላይ ወጥ የሆነ ቀለበት ይተዋል። በእጅ የተለጠፈው ግን ይጨማደዳል፣ የካውያ ምልክት ይታይበታል፣ ሲላጥ የሙጫ ክር ይጎተታል፣ አንዱ ጎን ጠብቆ ሌላው ይላላል። የመጀመሪያውን ጣሳ ሽፋን ካልጣልከው እሱን ተመልከት፤ መልሱ ግማሹ እዚያ ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። የተከፈተው የማሽተቱን ፈተና ከወደቀ ይጣል፤ ግን ከመጣልህ በፊት 20 ግራም ወስደህ ሙከራውን ሥራበት፣ ሁለቱን ጣሳ የሸጠህ አንድ ሰው ነውና። በወረቀቱ ላይ ስድስት ግራም ከተገኘና ሽፋኑም ንጹሕ ከሆነ፣ ዱቄቱ ክሬቲን ነበር፣ ያበላሸው የኩሽናህ እርጥበት ነው፤ ያልተከፈተውን መላክ ትችላለህ። ሁለት ግራም ከተገኘ ያልተከፈተውንም ከፍተህ ፈትነው። ማኅተሙ ይበላሻል ብለህ አትሳሳ።

ከዚህ በኋላ የምትከፍተውን ፍሪጅ ውስጥ አታስገባው። ሰው ሁሉ የሚመክረው እሱን ነው፤ በዱባይ አየር ግን ከፍሪጅ በወጣ ቁጥር ጤዛ ይጠጣል። መኝታ ክፍልህ ውስጥ፣ ከኤሲው ቀጥተኛ ንፋስ ራቅ ያለ ቁም ሣጥን ይበቃዋል፤ እዚያው ክፈተው፣ እዚያው ቅዳ፣ እዚያው ዝጋ። ከ300 ግራሙ የሁለት ሳምንት የሚሆን 70 ግራም ትንሽ ጎማ ክዳን ያለው የመስታወት ዕቃ ውስጥ ገልብጥና ትልቁን አትነካካው። ጣሳው ውስጥ የነበረችው ትንሿ ሲሊካ ጄል ከረጢት ጣሳው በተከፈተ በጥቂት ቀን ትጠግባለች፣ 2 ግራም ከረጢት አንድ ግራም ውሃ እንኳ አትይዝም። ቀለም የሚቀይረውን ዓይነት ገዝተህ ሲለወጥ ቀይረው፤ ሩዝ ራሱ እርጥበት ያለው ስለሆነ አይተካውም። የጓጎለውን ለማድረቅ ምድጃ ውስጥ አታስገባው። ከክብደቱ 12 ከመቶ የሚሆነው ክሪስታሉ ውስጥ የታሰረ ውሃ ነው፤ ከ100 ዲግሪ በላይ ስታሞቀው እሱን ታባርራለህ፣ ዱቄቱም በኋላ ከአየሩ መልሶ ውሃ ይፈልጋል። ኤሲ ክፍል ውስጥ ሰሃን ላይ ዘርግተህ ግማሽ ቀን መተው ይበቃል።

ለወንድምህ የድሬዳዋ ሙቀት አያሳስበው፤ አየሩ ከዱባይ ይልቅ ደረቅ ነው። ማኅተሙ ሳይነካ ይድረሰው፤ ሻንጣ ውስጥ ከሽቶና ከሳሙና ጋር አታሽገው፣ ያ ሽታ ጣሳው ውስጥ ይገባና እሱም እንዳንተ ዱቄቱ ተበላሸ ብሎ ይደነግጣል። ወረቀቱ ደርቆ ስንት ግራም እንደመዘነ ጻፍልኝ፤ ቁጥሩ አራት ወይም አምስት ላይ ከወደቀ ምናልባት ክፍሉ ሞቆ ይሆናልና፣ የክፍሉን ሙቀት ጨምረህ ንገረኝ።